እርሾ ማደጉን የሚያቆመው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1913 ቶር ካርልሰን የተባለ ተመራማሪ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ እርሾ ሲራባ በየሰዓቱ እየለካ መዘገበ። መነሻው በመለኪያው 9.6 ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 18.3 ደረሰ፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። በዚሁ ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ በ18ኛው ሰዓት ከአንድ ሚሊዮን ያልፍ ነበር። የተመዘገበው ግን 661.8 ብቻ ነው።

ምን አገደው? እርሾ በበዛ ቁጥር የሚወልደውም ይበዛል፤ ነገር ግን በዕቃው ያለው ስኳር ያልቃል፣ እርሾው ራሱ የሚያወጣው አልኮልም ይጠራቀማል። ጠጅን የሚያሰክረው ይኸው አልኮል ሲበዛ የሠራውን እርሾ መልሶ ያዳክመዋል። አካባቢው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ ብዛት የመሸከም አቅም ይባላል፤ በካርልሰን ዕቃ ይህ ወደ 665 ይጠጋል።

ሐሳቡን በቀመር ያስቀመጠው ቤልጅየማዊው ፒየር ፍራንሷ ቬርሁልስት ነው፤ ዘመኑም 1838።

```
dN/dt = rN(1 - N/K)
```

N ያለው ብዛት፣ r የመራባት ፍጥነት፣ K የመሸከም አቅሙ ነው። በቅንፍ ያለው ገና ያልተያዘው የቦታ ድርሻ ነው። N ትንሽ ሳለ ድርሻው ወደ አንድ ይጠጋል፤ ዕድገቱም እንዳሻው ይጋልባል። N ወደ K ሲቀርብ ድርሻው ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ዕድገቱም ይቆማል።

ሰው የሚሳሳተው መካከሉ ላይ ነው። እርሾው በመጀመሪያው ሰዓት የጨመረው 8.7 ሲሆን በስምንተኛው ሰዓት 93.4 ጨመረ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዕድገቱ ገና እየተፋፋመ ነው ይላል። ጭማሪውን ቀድሞ ለነበረው ብዛት ስናካፍለው ግን ሌላ ነገር ይታያል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ከመቶ 91፣ በስምንተኛው ከመቶ 36። ጭማሪው ትልቁ ላይ የደረሰው ብዛቱ የአቅሙን ግማሽ ባለፈበት ሰዓት ነው፤ ልጓሙ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጠበቀ ነበር። ስለዚህ መታየት ያለበት ጠቅላላው ጭማሪ ሳይሆን የእያንዳንዱ ድርሻ ነው።

ቀመሩ የሚሠራው K ባለበት ሲቆይ ነው። በተዘጋ ዕቃ ይቆያል፤ በሰው ልጅ ዘንድ ግን እርሻ፣ ሕክምና፣ ስደትና የቤተሰብ ምርጫ ይለዋውጡታል። ሬይመንድ ፐርልና ሎዌል ሪድ በ1920 ይህንኑ መስመር በአሜሪካ ቆጠራዎች ላይ አስማምተው የሀገሪቱ ሕዝብ ከ197 ሚሊዮን ገደማ እንደማያልፍ አሰሉ። መስመሩ ለተወሰኑ ዓመታት ከቆጠራው ጋር ተቀራርቦ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሚወለዱት ሕፃናት ሲበዙ ተለያዩ፤ በ1970 በተደረገው ቆጠራ የአሜሪካ ሕዝብ ከ203 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ።