«ቻልኩት» ሲል ምን ማለቱ ነው?

«በመጀመሪያው የማስተማር ዓመትዎ ምን ምን ችግሮች ገጠሙዎት?» ብለው ጀማሪ መምህርን ቢጠይቁት፣ ለወረዳ ሪፖርት እንደሚጽፍ ሰው ይደረድርልዎታል፦ የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል ጥበት፣ የተማሪ ብዛት። አልዋሸም። ነገር ግን ይህን በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ጊዜ የዞረ ሰውም ይነግርዎታል። እሱ ብቻ የሚያውቀው ነገር አልወጣም።

ስለዚህ የቃለ መጠይቅ መመሪያ የሚያዘጋጅ አጥኚ ሐሳብ ሳይሆን ቀን ይጠይቃል። «መጀመሪያ ክፍል የገቡበትን ጠዋት ከቤት ከወጡበት ሰዓት ጀምረው ይንገሩኝ» ሲባል፣ መምህሩ የለበሰውን ጃኬት፣ በር ላይ የጠበቀውን ርዕሰ መምህር፣ ከኋላ የሳቀውን ተማሪ ያስታውሳል። ለአንድ ሰዓት ጨዋታ እንዲህ ያሉ ስድስት ወይም ሰባት ዋና ጥያቄዎች ይበቃሉ። ከእያንዳንዱ ሥር «ከዚያስ?»፣ «ማን ነበር አጠገብዎ?» የሚሉ አጫጭር መከታተያዎች ይጻፋሉ። መመሪያው ሲያልቅ ለሙከራ አምና ለጀመሩ ሁለት መምህራን ይቀርባል። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር የመለሱት ጥያቄ ካለ ጉድለቱ የጥያቄው ነው። ጊዜውም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ኅዳር ላይ የተጠየቀ ሰው ገና ጭንቁ ውስጥ ነው፤ ሰኔ ላይ የተጠየቀ ደግሞ ታሪኩን አሳምሮ ጨርሶታል። አቅም ከፈቀደ ሁለቴ መሄድ ነው።

አሁን ቀረጻው ተገለበጠና እንዲህ የሚል ቦታ ላይ ደረስን እንበል፦ «ሲስቁብኝ ዝም ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ለርዕሰ መምህሩ አልነገርኩም፤ አቅም የለውም እንዳይለኝ። ብቻ ቻልኩት።»

ኮድ ማለት ለእንዲህ ያለ ቁራጭ የሚሰጥ አጭር ስያሜ ነው። ችኩል አጥኚ «የክፍል ሥርዓት» ብሎ ያልፋል። አይፈረድበትም። ሳይመን ፌንማን በ1984 እ.ኤ.አ. 83 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ጀማሪ መምህራንን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስቸግረው የክፍል ሥርዓት ማስከበር ሆኖ አግኝቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ስያሜው ገና ቃለ መጠይቁ ሳይደረግ ዝርዝሩ ላይ ይገባል። ችግሩ ሁሉን መዋጡ ነው። ከላይ ባለው ንግግር ውስጥ ሳቁ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዝምታ ነው። ስለዚህ «እርዳታ አለመጠየቅ» የሚል ሌላ ኮድ ያስፈልጋል፣ ከነመግለጫው። መግለጫው መቼ እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይሰጥም መናገር አለበት፦ መምህሩ የሚረዳው ሰው እያለ ሲተው ይሰጣል፤ የተመደበለት አማካሪ መምህር ከነጭራሹ ከሌለ አይሰጥም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነውና።

«ቻልኩት» የሚለው ግን ያስቸግራል። ተወጣሁት ነው ወይስ ታገስኩት? በአማርኛ ሁለቱንም ይሸከማል። ብዙ ጥናት ግልባጩን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ያስተረጉምና ኮዱን በዚያ ላይ ይሰጣል፤ ተርጓሚው አንዱን መምረጥ ግድ ስለሚሆንበት አጥኚው ሳያውቀው ትንታኔው በተርጓሚው እጅ ይወድቃል። በእኔ እምነት ኮዱ በአማርኛው ላይ መሰጠት አለበት፤ ለጥቅስ የሚፈለገው ብቻ በኋላ ይተርጎም።

መግለጫው ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ ግልባጭ ያነባሉ። ሃምሳ ቁራጭ ሰጠናቸው እንበል። እያንዳንዳቸው «እርዳታ አለመጠየቅ»ን ለአሥሩ ሰጡ፤ የተገናኙት ግን በአምስቱ ነው። ሁለቱም ኮዱን ያልሰጧቸው 35 ስለሆኑ በ40ው ተስማምተዋል፣ 80 በመቶ ማለት ነው። ያምራል? ቁጥሩ ያታልላል። ኮዱ ብርቅ ስለሆነ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቢያድሉት እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 68 በመቶ ይስማሙ ነበር። ይህን የሚቀንሰው የኮኸን ካፓ የሚባለው ስሌት 0.375 ይሰጣል፤ ደካማ ነው።

እዚህ ላይ አንዱን አንባቢ ማሳመን ቀላሉ መንገድ ነው፤ ካፓው ከፍ ይላል፣ መግለጫው ግን እንደነበረ ይቀራል። የተለያዩባቸውን አሥር ቁራጮች አንድ በአንድ ማየት ይሻላል። ሰባቱ «ቻልኩት» ወይም «ዝም አልኩ» የሚሉ ሆነው ከተገኙ፣ አንዱ አንባቢ ዝምታን ሁሉ ቆጥሮታል፣ ሌላው ደግሞ መምህሩ ምክንያቱን የተናገረበትን ብቻ። መግለጫው ላይ «ምክንያቱ ከተነገረ ብቻ» የሚል ይጨመራል፤ ቀድሞ የተነበበውም በአዲሱ መግለጫ እንደገና ይነበባል። ለ«ቻልኩት» ደግሞ ወደ ቀረጻው ተመልሶ ድምፁን መስማት ነው። ያም ካልለየለት መመሪያው ላይ ለቀጣዩ መምህር አንድ መከታተያ ይጻፋል፦ «ቻልኩት ሲሉ፣ እንዴት አድርገው?»