ኮንቴይነሩ ሲወገድ ሎጉ የት ይሄዳል?

የኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተናግድ አንድ ድርጅት 20 ቨርቹዋል ማሽኖች አሉት እንበል። ቨርቹዋል ማሽን በትልቅ ሰርቨር ውስጥ ተከፍሎ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው። በየማሽኑ ላይ ደግሞ በርካታ ኮንቴይነሮች አሉ፤ እያንዳንዱ አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ ይይዛል፣ በሰከንዶች ይነሣል፣ በሰከንዶች ይወገዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የክፍያው ኮንቴይነር ድንገት ይቆማል። ሥርዓቱም አስወግዶት ሌላ ይተካል። ጠዋት ደንበኞች ክፍያቸው እንደተቋረጠ ይናገራሉ፤ ባለሙያው ገብቶ ሲያይ ግን ሁሉም ደህና ይመስላል።

ማስረጃው የጠፋው በቀላል ምክንያት ነው። ዶከር ካልተነገረው በቀር የኮንቴይነሩን ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚሠራውን እየጻፈ የሚተወውን መዝገብ፣ እዚያው ማሽን ላይ ባለ ፋይል ያስቀምጣል። ኮንቴይነሩ ሲወገድ ፋይሉም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ሎጉ ገና ሲጻፍ ከማሽኑ ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለበት።

ከሎግ በፊት ግን ስለ ቁጥሮቹ እናንሣ። ፕሮሚቲየስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በ2012 እ.ኤ.አ. በሳውንድክላውድ ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ ነው። በየማሽኑ የማስታወሻ፣ የፕሮሰሰርና የዲስክ አጠቃቀምን የሚያሳይ ኖድ ኤክስፖርተር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል፤ የኮንቴይነሮቹን ደግሞ ሲአድቫይዘር ያሳያል። ፕሮሚቲየስ በየጊዜው እየሄደ ቁጥሩን ራሱ ይሰበስባል፦

```
scrape_configs:
  - job_name: node
    scrape_interval: 15s
    static_configs:
      - targets: ["10.0.0.11:9100", "10.0.0.12:9100"]
```

ይህ አካሄድ ትልቅ ጥቅም አለው። ማሽኑ መልስ ካልሰጠ `up` የሚባለው ቁጥር 0 ይሆናል፤ ዝምታው ራሱ ይመዘገባል ማለት ነው። ወጪውም አያስፈራም። ሃያዎቹ ማሽኖች በድምሩ 30,000 የቁጥር ተርታዎች ቢኖሯቸው፣ በየ15 ሰከንዱ ሲሰበሰቡ በሰከንድ 2,000 ልኬት ይሆናል። አንዱ ልኬት እስከ 2 ባይት ቢወስድ፣ የ15 ቀን ክምችት ከ5 ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም።

ለሎጉ በየማሽኑ አሎይ የሚባል ሰብሳቢ ይቀመጣል። እሱ የሎግ ፋይሎቹን እያነበበ ሎኪ ወደሚባለው ማዕከላዊ ማከማቻ ይልካል፤ ሎጉንም ቁጥሩንም ጎን ለጎን በግራፋና ማየት ይቻላል። ሎኪ የእያንዳንዱን መስመር ቃላት በማውጫ አይመዘግብም፤ የሚመዘግበው እንደ ማሽን ስምና የአገልግሎት ስም ያሉ መለያዎችን ብቻ ነው። ርካሽ የሆነውም በዚህ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። 20 ማሽንና 30 አገልግሎት ቢበዛ 600 ጥምረት ይሰጣሉ። ፍለጋ ይቀላል ብሎ የደንበኛ ቁጥርን መለያ ያደረገ ሰው ግን፣ ደንበኞቹ 100,000 ከሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለየ የሎግ ጅረት ይከፍታል። ሎኪ ማስታወሻው ይሞላል፣ ፍለጋው ይንቀረፈፋል። የደንበኛው ቁጥር በመስመሩ ጽሑፍ ውስጥ ይቆይ፤ ከዚያ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

አሁን ወደ ክፍያው ኮንቴይነር እንመለስ። ግራፉ የማስታወሻ አጠቃቀሙ ከ200 ሜጋባይት ተነሥቶ ቀስ በቀስ እስከተፈቀደለት 512 መውጣቱንና ድንገት መውረዱን ያሳያል። የፕሮግራሙ ሎግ ግን አንድም የስሕተት ቃል የለውም፤ መሐል ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። ኮንቴይነሩ ሲቆም የሰጠው ኮድ 137 ነው፤ በኃይል ተገድሏል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የመጨረሻ ቃል ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም። የገደለው የማሽኑ ከርነል ሲሆን፣ ይህንንም የጻፈው በማሽኑ በራሱ ሎግ ላይ ነው፦

```
Memory cgroup out of memory: Killed process ...
```

የኮንቴይነሮችን ሎግ ብቻ የሚሰበስብ ድርጅት ይህን መስመር በማዕከሉ አያገኘውም። ስለዚህ አሎይ የማሽኑን ጆርናልም እንዲያነብ መታዘዝ አለበት።

ሦስቱን ማስረጃዎች ለማገናኘት የማሽኖቹ ሰዓት አንድ መሆን አለበት። በእኛ አገር ይህ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ደንበኛው ሌሊት 9 ሰዓት ያለው በኮምፒውተሩ 03:00፣ በዩቲሲ ደግሞ 00:00 ነው። ሎጉ ሁሉ በዩቲሲ ይጻፍ፤ ማሽኖቹም በክሮኒ ሰዓታቸውን ያስተካክሉ። የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር ግን ጭራሽ ወደ ሎጉ መግባት የለባቸውም፤ ማዕከሉን ማየት የሚችል ሰው ሁሉ ያነባቸዋልና።

ይህን ዘርግታችሁ ከሆነ ሥራው መስመር መያዙን በአንድ ሙከራ አረጋግጡ። አንድ የሙከራ ኮንቴይነር አስነሡ፣ ጥቂት መስመር እንዲጽፍ አድርጉ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ አስወግዱት። የመጨረሻ መስመሮቹን በግራፋና ካላገኛችኋቸው ሰብሳቢው ሥራውን እየሠራ አይደለምና፣ እውነተኛው ችግር ሳይመጣ አስተካክሉት።