በር ላይ የሚያልቀው አፕዴትና ጋራዥ የሚያስሄደው አፕዴት

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት የቴስላን ሞዴል 3 ፈትኖ ፍሬኑን ወቀሰ። መኪናው በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር እየበረረ ፍሬን ሲያዝ፣ እስኪቆም ድረስ 46 ሜትር ያህል ይፈጅ ነበር። ይህ ከፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ እንኳ የባሰ ውጤት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው አዲስ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላከ። መጽሔቱ ያንኑ መኪና ደግሞ ሲፈትነው ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ተኩል ወርዶ ተገኘ። ጎማ የፈታ፣ የፍሬን ሸራ የቀየረ ሰው የለም። የተለወጠው፣ ጎማው እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው ኮምፒውተር የሚከተለው ስሌት ብቻ ነው።

ይህን የሰማ ሰው፣ አንድ ቀን የራሱን መኪና «ለሶፍትዌር አፕዴት ጋራዥ አምጣው» ሲባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ስልኩ ሌሊት እሱ ተኝቶ ሳለ የሚጨርሰውን ሥራ መኪናው ለምን አይችለውም? ብዙ ሰው ምክንያቱ የፕሮግራሙ ትልቅነት ይመስለዋል። ይበልጥ የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጽሑፉ መሃል ላይ ቢቋረጥ መኪናው ምን ይሆናል?

የዛሬ መኪና በውስጡ የያዘው አንድ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ፍሬኑ፣ በሩ፣ መሪው፣ ትልቁ ባትሪ፣ ስክሪኑ የየራሳቸው አላቸው፤ በአንዳንዱ መኪና ቁጥራቸው ከመቶ ያልፋል። አፕዴቱ ከኩባንያው ሰርቨር ተነሥቶ፣ መኪናው ውስጥ በተተከለ ሲም ካርድ ወይም በቤት ዋይፋይ በኩል ይገባል። መጀመሪያ የሚቀበለው እንደ በር ጠባቂ የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው። እሱም የተላከው ነገር የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ እንዳለበት፣ በመንገድም እንዳልተነካካ ሳያረጋግጥ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ማውረዱ መኪናው እየሄደም ይቻላል። መጫኑ ግን መኪናው ቆሞና ባለቤቱ ፈቅዶ የሚሆን ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንደ ትልቁ ስክሪን ባሉት ዘመናዊ ክፍሎች ፕሮግራም የሚቀመጥበት ቦታ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ አሮጌው እየሠራ፣ አዲሱ በሌላው ላይ ይጻፋል። ተጽፎ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ይነሣል፤ አልነሣ ካለ ወደ አሮጌው ይመለሳል። አዲሱን ቤት ጨርሶ ከአሮጌው እንደሚወጣ ሰው ነው፤ ችግር ቢመጣ የሚያድርበት አያጣም። ርካሽና አነስተኛ በሆኑት ኮምፒውተሮች ግን ቦታው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አሮጌው ሳይደመሰስ አዲሱ መግባት አይችልም። አሮጌውን አፍርሶ በዚያው መሬት ላይ የሚሠራ ሰው፣ ጣሪያው ሳይከደን ዝናብ ከመጣበት መጠጊያ የለውም። ጽሑፉ መሃል ላይ ኃይል ቢቋረጥ ያ ክፍል አሮጌውንም አዲሱንም አጥቶ ይቀራል። የስክሪኑ ከሆነ ሬዲዮ ይጠፋል፤ የመሪው ወይም የፍሬኑ ከሆነ መኪናው የሚንቀሳቀሰው ተጭኖ ነው።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ12 ቮልቱ ባትሪ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይም ኮምፒውተሮቹን የሚመግበው ይህ ትንሽ ባትሪ ነው፤ አፕዴት ሲካሄድ ደግሞ ሁሉም ነቅተው ከእሱ ይስባሉ። ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ካለው መመርመሪያ ሶኬት ጋር ከማገናኘቱ በፊት ቮልቴጁን አጽንቶ የሚይዝ የኃይል ምንጭ ባትሪው ላይ የሚያስረው ለዚህ ነው። ቮልስዋገን በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹን አይዲ.3 መኪኖች ወደ ሦስተኛው የሶፍትዌር እርከን ለማሳደግ ጋራዥ በጠራ ጊዜ፣ ከፊሎቹ ባትሪያቸው ረጅሙን ሥራ ስለማይችል እሱም አብሮ እንዲቀየር አድርጓል።

ሶፍትዌርና ዕቃ የተጣመሩበት ችግር ደግሞ አለ፤ ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ ግልጹ ምሳሌ የሂዩንዳይ አዮኒክ 5 ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሂዩንዳይ አሜሪካ ውስጥ ወደ 99 ሺህ የሚጠጉ አዮኒክና ጀነሲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለጥገና ጠራ። ችግሩ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ላይ ነበር። ይህ ክፍል ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ለትልቁ ባትሪ ያዘጋጃል፤ ከትልቁ ባትሪም ቀንሶ 12 ቮልቱን ይሞላል። ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይና ተደጋጋሚ መሞቅና መቀዝቀዝ ውስጡን ቀስ በቀስ ይጎዳው ነበር። ሲበላሽ 12 ቮልቱ መሞላቱ ያቆማል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፤ መኪናው ጉልበቱ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ይቆማል።

መፍትሔው ውስጥ አዲስ ፕሮግራም ነበረበት፤ ሆኖም ፕሮግራሙን ልኮ ዝም ማለት አልተቻለም። መካኒኩ አስቀድሞ የስሕተት መዝገቡን አንብቦ ክፍሉ ገና ጤነኛ መሆኑን መለየት አለበት። ጤነኛ ከሆነ ፕሮግራሙ ይጫናል። ከተጎዳ መቆጣጠሪያው ራሱ፣ ካስፈለገም ፊውዙ ይቀየራል፤ የተቃጠለን ዕቃ የሚጠግን ፕሮግራም የለምና። በዚያው ዓመት በኅዳር ከ145 ሺህ በላይ መኪኖች እንደገና ተጠሩ፤ በመጀመሪያው ዙር የታዩትም ጭምር። ባለቤቶቹ ሁለቴ መመላለሳቸው ያናድዳል፤ ነገር ግን በርቀት ተልኮ የተጎዳውን ክፍል ሸፍኖ ከሚያሳድር አፕዴት ይህ ይሻላል።

በርቀት የሚላከውም ከሰው ስሕተት አይድንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የላከው አፕዴት ከመኪኖቹ የተወሰኑትን ስክሪን አጨለመ፤ መኪናው ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ግን አይታይም። ኩባንያው እንዳመነው ምክንያቱ የተሳሳተ የደኅንነት ሰርተፊኬት የያዘ ፕሮግራም በስሕተት መለቀቁ ነው። መጀመሪያ ለአንዳንዶቹ ጋራዥ ሊያስፈልግ ይችላል ቢባልም፣ መሐንዲሶቹ በቀናት ውስጥ በርቀት የሚስተካከልበትን መንገድ አገኙ። የአፕዴት ማስታወቂያ የደረሰው ሰው፣ በማግስቱ ጠዋት ረጅም መንገድ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ጥቂት ቀን ቢቆይ ክፋት የለውም።

እኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በርክቷል፤ ብዙው ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ውስጥ የተተከለው ሲም ለቻይና ኔትወርክ፣ የሚፈልገው ሰርቨርም ለዚያው ገበያ የታሰበ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ቆሞ አፕዴት ላይደርሰው ይችላል። ጋራዡም ቢሆን ላፕቶፕ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ኩባንያዎች ከራሳቸው ሰርቨር ፈቃድ ሳያገኝ ማንም ፕሮግራም እንዲጽፍ አያደርጉም።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ከሆነ፣ ከዋጋውና ከባትሪው ርቀት ጋር እነዚህን ጠይቁ፦ ይህ መኪና እዚህ አገር አፕዴት ይደርሰዋል? በርቀት የሚታደሰው ስክሪኑ ብቻ ነው ወይስ ፍሬኑና ቻርጅ መቆጣጠሪያውም? ከኩባንያው ሰርቨር ጋር የሚገናኝ ጋራዥ የት አለ? መልሱን ቃል በቃል ከውሉ ላይ አስጽፉ። ከማይታወቅ ቦታ በፍላሽ ተቀድቶ የመጣ ፕሮግራም ግን መኪናችሁ ላይ አታስጭኑ።