የጎማ ክምር ሲነድ

በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ቀን 1983፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ዊንቸስተር ከተማ አጠገብ፣ ለዓመታት የተከመረ አሮጌ ጎማ ላይ አንድ ሰው ሆን ብሎ እሳት ለቀቀበት። ክምሩ 7 ሚሊዮን ያህል ጎማ እንደነበረው ይገመታል። ጥቁሩ ጭስ ሽቅብ ተነሥቶ ወደ አጎራባች ግዛቶች ተዛመተ። ነበልባሉ ከወደቀ በኋላም ክምሩ ውስጥ ውስጡን ለወራት መጤሱን አላቆመም። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ለሚነዳ ሰው ቦታው የሁለት ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም።

ያን ያህል ጊዜ የነደደው ለምንድን ነው? መልሱ በራሱ በጎማው ቅርጽ ውስጥ አለ። ጎማ መሐሉ ባዶ ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመር አብዛኛው ቦታ የአየር ነው። እሳቱ የሚተነፍሰውን አየር ከውስጥ ያገኛል፤ ከላይ የሚረጨው ውሃ ግን በጎማው ጀርባ ላይ እየተንሸራተተ ይወርድና እሳቱ ያለበት አይደርስም። ጎማ በክብደት ሲመዘን ከድንጋይ ከሰል የማያንስ ሙቀት ይሰጣል። በውስጡ ያለው የብረት ሽቦም ግለቱን ይዞ ይቆያል። ጠፋ የተባለው እሳት ከቀናት በኋላ እንደገና የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጭሱ የባሰው ግን ከሥር የሚፈሰው ነው። በክምሩ ሆድ ውስጥ አየር ሲያጥር ጎማው ከመንደድ ይልቅ ይበስላል፤ አፈር የለበሰ እንጨት ከሰል እንደሚሆነው ማለት ነው። ልዩነቱ ጎማ ሲበስል ጥቁር ዘይት ማውጣቱ ነው። ከአንድ የቤት መኪና ጎማ ብቻ 7 ሊትር ያህል ሊወጣ ይችላል። በዊንቸስተር ይህ ዘይት እንደ ጎርፍ ወረደ። ውሃው ዞሮ ዞሮ ወደ ፖቶማክ ወንዝ በሚገባ ጅረት አጠገብ ስለነበር፣ የመንግሥት ሠራተኞች ዋና ጭንቀት ነበልባሉ ሳይሆን ዘይቱን አግዶ ማጠራቀም ሆነ። የሰበሰቡት 3 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ደርሷል። ቦታው ጸድቶ ከአገሪቱ አደገኛ የብክለት ሥፍራዎች መዝገብ የተሰረዘው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ እሳት ላይ ብዙ ውሃ ማፍሰስ ዘይቱንና መርዙን ወደ ወንዝና ወደ ጉድጓድ ውሃ ማጓጓዝ ይሆናል። ልምድ ያላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያልነደደውን ጎማ በኤክስካቫተር እየዛቁ ከነደደው ይለያሉ፤ የተነጠለውን ትንሽ በትንሽ ያጠፋሉ፤ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ቦይ ይቆፍራሉ። አፈር ማልበስም አለ፤ ጭሱን ይቀንሳል፣ ግን ከሥር መብሰሉ ስለሚቀጥል ዘይቱ አይቆምም። ምርጫው ሁሉ ክፉ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከእሳቱ በፊት ነው፦ ክምሩን ዝቅ ማድረግ፣ በክምርና በክምር መካከል ኤክስካቫተርና የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት ሰፊ ክፍተት መተው፣ ሣርና ቆሻሻ እንዳይጠጋው ማድረግ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመከመር ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ከጥንት የሚያውቀው ነገር አለ። በረባሶ የሚሠራው ባለሙያ መርገጫውን ከጎማው ይቆርጣል፣ ማሰሪያውን ብዙ ጊዜ ከከመነዳሪ ያወጣል፤ እሳትም ፋብሪካም አያስፈልገውም። ሥራው የሚከብደው የዛሬው ጎማ በብረት ሽቦ ስለተሞላ ነው፤ ለቢላ የሚመቸው በክር የተሠራው የድሮው ዓይነት ነበር። ለከባድ መኪና ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ የጎማው አካል ካልተጎዳ፣ ያለቀው ጥርስ ተፍቆ አዲስ ጥርስ ይለጠፍበታል። ጎኑ የተሰነጠቀ ወይም አየር አጥቶ ብዙ የተነዳ ጎማ ግን ለዚህ አይሆንም።

ብዙ ሰው ጎማን እንደ ላስቲክ ባልዲ አቅልጦ አዲስ መሥራት የሚቻል ይመስለዋል። አይቻልም። ጎማው ሲሠራ በድኝና በሙቀት ስለሚተሳሰር ቢሞቅ አይቀልጥም፣ ይፈራርሳል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ይፈጩታል፤ ፍጭቱ ለመጫወቻ ሜዳ ምንጣፍ ወይም ከሬንጅ ጋር ተቀላቅሎ ለአስፋልት ይውላል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም በጣም ከፍተኛ ሙቀት ባለው ምድጃቸው በማገዶነት ያነዱታል፤ ሽቦው እንኳ ሲሚንቶው ውስጥ ይገባል። ይህ ሜዳ ላይ ከሚነድ ጎማ ጋር አንድ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ሙቀቱ ስለሚያንስ መርዙ ሳይቃጠል ወደ ሳንባ ይገባል።

ጎሚስታ ቤት ያላችሁ፣ ያለቀውን ጎማ ከግድግዳችሁ አርቃችሁ፣ ዝናብ እንዳይጠራቀምበት ሸፍናችሁ አስቀምጡ፤ ወባና ደንጊ የሚያስተላልፉ ትንኞች ይራቡበታልና። ሽቦውን ለማውጣት ብላችሁም አታቃጥሉት።