ማስታወቂያው ባይኖርስ፣ ዕቃው አይሸጥም ነበር?

ጉግል ላይ «ኢቤይ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወዴት መሄድ እንደፈለገ አስቀድሞ ተናግሯል። ሆኖም ታዋቂው የኢንተርኔት ገበያ ኢቤይ፣ ስሙን ጠርቶ ለሚፈልገው ሰው ጭምር ማስታወቂያ እንዲወጣለት ይከፍል ነበር። ሰውየው ከላይ ያለውን የማስታወቂያ መስመር ሲጫን ኩባንያው ይከፍላል፤ ዝቅ ብሎ ያለውን መስመር ቢጫን ግን አንድ ሳንቲም አይወጣም። በሁለቱም በኩል የሚደርሰው እዚያው ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 2012 ስቲቨን ታዴሊስ፣ ቶማስ ብሌክ እና ክሪስ ኖስኮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በኢቤይ ውስጥ ይህን ለመፈተን ተነሡ። በስሙ የሚወጣው ማስታወቂያ በያሁ እና በማይክሮሶፍት የፍለጋ ገጾች ላይ እንዲቆም፣ በጉግል ላይ ግን ለማነጻጸሪያ እንዲቀጥል ተደረገ። በማስታወቂያ በኩል ይመጣ ከነበረው ጎብኚ 99.5 በመቶው በነጻው መስመር ገባ። ገንዘቡ ሲወጣ የነበረው በራሳቸው ለሚመጡ ሰዎች ነበር ማለት ነው።

ይህ ቀላሉ ጥያቄ ነው። «ጊታር» ወይም «የስፖርት ጫማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን የኢቤይን ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያውን ባያይ ወደ ሌላ ሻጭ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ የተለመደው የሽያጭ ሰነድ ብዙም አይረዳም። ኩባንያዎች ለማስታወቂያ አብዝተው የሚያወጡት ሰው በራሱ ፈቃድ በሚገዛበት በበዓል ሰሞን ነውና ወጪና ሽያጭ አብረው ከፍ ይላሉ። አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል።

መፍትሔው አገሩን ከፋፍሎ ከፊሉን ያለ ማስታወቂያ መተው ነበር። ለምን ሰው በሰው አልተለየም? አንድ ሰው ጠዋት በስልኩ ያየውን ዕቃ ማታ በሌላ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ ማስታወቂያውን ማን አየ፣ ማን አላየ ብሎ መከታተል አስቸጋሪ ነው። አካባቢ ግን ይታወቃል። አሜሪካ በቴሌቪዥን ስርጭት ወሰን የተለዩ 210 የገበያ አካባቢዎች አሏት። ጉግል ማስታወቂያን በእነዚህ ወሰኖች ማብራትና ማጥፋት ይችላል፤ ኢቤይም ገዢዎቹ የትኛው አካባቢ እንዳሉ ያውቃል። ስለዚህ ከአካባቢዎቹ 30 በመቶ ያህሉ በዕጣ ተመርጠው ለ60 ቀናት ገደማ ማስታወቂያው ተቋረጠባቸው። ዕጣ ያስፈለገው ምርጫው ለሠራተኞች ቢተው ገበያ የቀዘቀዘባቸውን ቦታዎች ያጠፉ ነበርና፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት የማስታወቂያው ይሁን የቀዘቀዘው ገበያ አይለይም ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለምሳሌ ያህል ከሙከራው በፊት ሁለቱም ወገን በቀን የ100 ብር ሽያጭ ነበራቸው እንበል። በሙከራው ወቅት ማስታወቂያ ያለበት 90፣ የሌለበት 89 ብር ቢሸጥ፣ ከዘጠና ብሩ የማስታወቂያው ድርሻ 1 ብር ብቻ ነው። የቀረው መቀነስ የወቅቱ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ደርሷል። ይህ የሚያስኬደው ግን ሁለቱ ወገኖች ቀድሞም እኩል ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ከሆነ ነው። አዋቂ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ከማጥፋቱ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ነው፤ ያኔም ልዩነት ከነበረ ሙከራው ተበላሽቷል።

በኢቤይ የተገኘው ልዩነት 0.66 በመቶ ነበር፤ ከዜሮ በአስተማማኝ ሁኔታ የማይለይ ቁጥር። በተለመደው ስሌት ማስታወቂያው ያወጣውን ከ4,000 በመቶ በላይ አትርፏል ሲባል፣ በአካባቢ ሙከራው ግን 63 በመቶ ኪሳራ ሆኖ ተገኘ። ከእያንዳንዱ ዶላር 63 ሳንቲሙ ባከነ ማለት ነው። የግምቱ ወሰን ግን ሰፊ ነበር፤ ኪሳራው 3 በመቶ ብቻም፣ ከ100 በመቶ በላይም ሊሆን ይችል ነበር። 210 አካባቢዎችን ያሳተፈ ሙከራ እንኳ ይህን ያህል ብዥታ ካለበት፣ ሽያጩ ከሳምንት ሳምንት በ10 በመቶ የሚዋዥቅ ትንሽ ነጋዴ በሁለት ከተሞች የ1 በመቶ ለውጥ ለማየት መሞከሩ ከንቱ ድካም ነው። በአካባቢዎች ወሰን ላይ የሚኖሩና በሥራ የሚመላለሱ ሰዎችም በጠፋበት ስፍራ ሆነው በበራበት ያዩታል፤ ይህም ልዩነቱን ያሳንሰዋል።

ከአማካዩ ጀርባ ሌላ ነገር ነበር። ኢቤይን የማያውቁና ከስንት አንዴ የሚገዙ ሰዎች ማስታወቂያውን ሲያዩ በእርግጥም ይበልጥ ይገዙ ነበር። ወጪው የባከነው ደንበኞቹ ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሚጫኑት ብዙዎቹ ናቸው።

ውጤቱን ለሁሉም ማስታወቂያ ማዋል ግን አይገባም። ኤድመንድስ የተባለው የመኪና መረጃ ድረ ገጽ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግለት፣ በስሙ የሚወጣውን ማስታወቂያ ባጠፋባቸው አካባቢዎች በማስታወቂያ ይመጣለት ከነበረው ጎብኚ ግማሽ ያህሉን አጥቷል። የኤድመንድስን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች ተፎካካሪዎቹም ማስታወቂያ ይገዙ ነበርና፣ እሱ የለቀቀውን የላይኛውን ስፍራ ያዙት።