ክረምት ላይ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር

ነሐሴ 23 አካባቢ፣ ደመናው ከገለጠ፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ያቁሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እንጨቱ ጥላ አልባ ይሆናል፤ ፀሐይ ትክክል አናት ላይ ናትና። ይኸው ነገር ሚያዝያ 5 አካባቢም ይታያል። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት አራት ወር ተኩል ያህል የእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ትሆናለች። ሶላር ፓነል የሚሰቅል ሰው ይህን ካላወቀ ተሳስቶ ይሰቅላል።

ስህተቱን በብዙ ጣሪያ ላይ አይቻለሁ። ፓነሉ በብረት ማቆሚያ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ወደ ደቡብ ተደቅኗል። ይህ ልክ የተበጀው የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ብቻ ለምትታይባቸው እንደ አውሮፓ ላሉ አገሮች ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 6፣ ሞያሌ ደግሞ 3 ዲግሪ ተኩል።

እስቲ አዲስ አበባን እንውሰድ። ታኅሣሥ 12 ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ ሰኔ 14 ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል። ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ የተደገፈው ፓነል ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ስለሚያገኛት ቀጥታ ብርሃኗን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል ማለት ይቻላል። ሰኔ ላይ ግን 44 ዲግሪ ገደማ ስቶ ስለሚያያት ከመቶ 71 ብቻ ይደርሰዋል። 10 ዲግሪ ብቻ የተደገፈው በሁለቱም ወቅት ከመቶ 91 ወይም 92 ያገኛል።

ከመብራት መስመር ውጪ በባትሪ ለሚኖር ቤት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ባትሪው ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊት ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትርፍ ጥቅም የለውም። ባትሪ የሚራበው ክረምት ላይ ነው። ደመናው ሲጠቁር ብርሃን ከመላው ሰማይ ተበትኖ ስለሚመጣ አቅጣጫ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ያኔ በጣም የተጋደመው ፓነል ሰፊ ሰማይ በማየቱ በጥቂቱ ይሻላል። ደመናው ሰንጠቅ ብሎ ፀሐይ ብቅ ስትል ግን ቀና ብሎ ወደ ደቡብ የዞረው ፓነል የዚያችን አጭር ጊዜ ብርሃን በከፊል ያባክናል።

ታዲያ ጨርሶ አጋድሞ መስቀል አይሻልም? አይሻልም፤ ምክንያቱ ግን ፀሐይ ሳትሆን አቧራ ነው። የተጋደመ ፓነል ላይ የዝናብ ውኃ በአሉሚኒየሙ ጠርዝ ታግዶ ይቆማል፤ ሲደርቅ ጭቃ ይቀራል። የመስተዋቱ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ካዩ ምልክቱ ያ ነው። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ረድፍ ሲሸፈን ሌሎቹንም ይጎትታል። 10 ዲግሪ ዝንባሌ ዝናቡ እንዲያጥበው ይረዳል። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፦ በፓነሉ ርዝመት በየ1 ሜትሩ የላይኛውን ጫፍ 17 ሴንቲሜትር ከፍ ያድርጉ። በሞያሌም ቢሆን፣ ኬክሮሱ 3 ዲግሪ ተኩል ነው ብለው ከዚህ ብዙ ዝቅ አያድርጉት።

አቅጣጫው ከዚህ ያነሰ ያሳስበኛል። የቆርቆሮው ተዳፋት ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ከሆነና 15 ዲግሪ ገደማ ካዘነበለ፣ ከዓመቱ ምርት የሚጎድለው ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ነው። ለዚህ ብሎ ውድ የብረት ማቆሚያ ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከቆርቆሮው ጋር አስተካክሎ፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ትቶ መሰቀል ይበቃል። ምርጫ ካለ ምሥራቅን እመርጣለሁ፤ በደጋው ክረምት ጠዋቱ ገለጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ መጥቆሩ የተለመደ ነውና። ወደ ሰሜን ያዘነበለ ጣሪያም ቢሆን አይናቅ፦ ታኅሣሥ ላይ ይጎዳል፣ ሰኔ ላይ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

ደቡብን በስልክ ኮምፓስ የሚፈልግ ሰው ከቆርቆሮውና ከብረቱ ራቅ ብሎ ይለካ፤ ብረት ኮምፓሱን ያሳስተዋል። ታኅሣሥ ላይ የእንጨት ጥላ የበለጠ ይታመናል፤ ጥላው በጣም ባጠረበት ሰዓት ጫፉ ወደ ሰሜን ያመለክታል።

የምጨነቀው ስለ ሮቶው ነው። ከፓነሉ በስተደቡብ የቆመ፣ ከእሱ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ሮቶ ታኅሣሥ ላይ በእኩለ ቀን 1 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ይረዝማል። በስተሰሜን የቆመ ዛፍም በበጋ ምንም ሳያደርግ ቆይቶ ሰኔ ላይ ጥላውን ፓነሉ ላይ ሊዘረጋ ይችላል። በጥር ያማረ ፓነል በሐምሌ ከደመናው በላይ ከደከመ፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ጣሪያው ላይ ወጥተው የሰሜኑን በኩል ይመልከቱ።