ማረም የሚችል ሁሉ ማጥፋት መቻል አለበት?

ስድስት ሰዎች የሚሠሩበት አንድ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ እናስብ። የደንበኞች ፋይል በሙሉ ያለው አንዲት ሠራተኛ በራሷ ጉግል ድራይቭ ከፍታ ለሌሎቹ ባጋራችው ፎልደር ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን የፋይሎቹ ባለቤት ቢሮው ሳይሆን እሷ ናት። ሥራ ለቅቃ መለያዋ ሲሰረዝ፣ ፋይሎቹ አስቀድመው ለሌላ ሰው ካልተላለፉ አብረው ይሄዳሉ።

መፍትሔው የጋራ ድራይቭ ነው፤ ስክሪኑ ላይ Shared drives ይላል። ለግል ጂሜይል አይሰጥም፣ የሚከፈልበት የቢሮ መለያ ያስፈልገዋል። እዚያ የገባ ፋይል የቢሮው ንብረት ስለሚሆን ሰው ቢወጣም እሱ ይቀራል።

ቀጥሎ ዋናው ነገር ይመጣል፦ ማረምና ማጥፋት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ለአራቱ የሒሳብ ሠራተኞች Contributor የሚለውን ስጡ። ፋይል ይጨምራሉ፣ ያርማሉ፤ ማጥፋትና ከቦታው ማንሳት ግን አይችሉም። ፎልደር የምታደራጀው ከፍተኛ ሒሳብ ሠራተኛ Content manager ትሁን፤ እሷ ታዛውራለች፣ ወደ ቆሻሻ መጣያም ትጥላለች። አባል የሚጨምረውና የሚቀንሰው Manager የቢሮው ባለቤት ብቻ ይሁን። ፎልደሩን በደንበኛ ስም፣ በውስጡ በበጀት ዓመት መክፈል ይበቃል። የቢሮው የራሱ ደመወዝ ግን ለብቻው ሌላ ድራይቭ ይፈልጋል፤ አባል የሆነ ሰው በተለምዶ ድራይቩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያያልና።

ስትጨርሱ በአንዱ Contributor ሠራተኛ መለያ ገብታችሁ የሙከራ ፋይል ለማጥፋት ሞክሩ። ከጠፋ አንድ ቦታ ከሚገባው በላይ ፈቃድ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ብዙ ቢሮ የሚሰናከለው ግን በሚከተለው ነው። ኮምፒውተር ላይ በተጫነው የድራይቭ ፕሮግራም በኩል ኤክሴል የሚከፍት Contributor ማንበብ እንጂ ለውጡን መልሶ ማስቀመጥ አይችልም። ሠራተኛው «አልሠራም አለኝ» ሲል ባለቤቱ ተቻኩሎ ሁሉንም Content manager ያደርጋቸዋል፤ የተሠራው ጥበቃ በዚያው ይፈርሳል። ፋይሉን በብሮውዘር ከፍቶ እዚያው ማረም ነው የሚሻለው፤ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ይህ የፈቃድ ክፍፍል የማይከለክለው ነገርም አለ። የማረም ፈቃድ ያለው ሰው ፋይሉን ባይጥለውም በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ ሊደመስስ ይችላል። ያኔ የሚያድነው Version history ነው። ለኤክሴል ፋይል ግን ድራይቭ የቆዩ ቅጂዎችን ከ30 ቀን በኋላ ሊያስወግድ ስለሚችል፣ የዓመት መዝጊያው ቅጂ ላይ Keep forever የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።

የተጣለ ፋይል ደግሞ የጋራ ድራይቩ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈም የመለያው አስተዳዳሪ በ25 ቀን ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ፋይል ጠፋ ሲባል አዲስ መሥራት ከመጀመራችሁ በፊት መጣያውን ክፈቱ።